ለፋሲካ ያልደረሰው በግ

ሰላማዊት (ለንደን)፦ እባካችሁ ምከሩኝ። ለእናቴ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ የመንዝ በግ እዚሁ ለንደን ካለ ድርጅት በኦንላይን አዝዤ ነበር። 140 ፓውንድ በዴቢት ካርድ ከፈልኩ። ለቅዳሜ ሹር የተባለው ሰኞ መጣ። እማዬም «በዓሉ ካለፈ ምን ያደርግልኛል» ብላ መለሰችው። ይህን ልልክላቸው ነው፦ «እናንተ ሌቦች! የእናቴን በዓል አበላሻችሁ። በቲክቶክ አጋልጣችኋለሁ!» ይበቃል?

ዳዊት (ማንችስተር)፦ ከዘገየ ብሩ ወዲያው ይመለሳል፤ የእንግሊዝ ሕግ ነው። ምን ደብዳቤ ያስፈልጋል?

እትዬ አስካለ (ደብረ ብርሃን)፦ ልጄ፣ ምነው ለወንድምሽ ብር ብትልኪለት? ገበያ ወጥቶ መርጦ ይገዛላት ነበር። የእኔ ልጅ የላከልኝ ጫማ እስካሁን የት እንደገባ አላውቅም።

ጋሽ ብርሃኑ (በርሚንግሃም)፦ ዳዊት፣ ግማሹን ነው ያልከው። በፈረንጆቹ 2015 በወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ውሉን ወዲያው ማፍረስ የሚቻለው ቀኑ ወሳኝ ከሆነ ነው። ያ ካልሆነ መጀመሪያ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት አለባት። ሰላማዊት፣ ስታዢ ለበዓል መሆኑን ነግረሻቸዋል?

ሰላማዊት፦ አዎ፣ ማስታወሻው ላይ «ለፋሲካ ዋዜማ» ብዬ ጽፌያለሁ። ቀኑንም ራሴ መርጫለሁ።

ጋሽ ብርሃኑ፦ እንግዲያው ጉልበትሽ እሱ ነው። አንቺ ግን እሱን ትተሽ ስድቡን ጻፍሽ። «ገንዘቤን መልሱ» የሚል ቃል እንኳ የለበትም። የሚያነበው ሠራተኛ ይቅርታ ጠይቆ ይዘጋዋል። በእንግሊዝኛ እንዲህ በያቸው፦

«ኤፕሪል 11 ቀን 2026 የሚደርስ በግ አዝዤ 140 ፓውንድ ከፍያለሁ። ስከፍል ለፋሲካ ዋዜማ መሆኑን ጽፌያለሁ። በዓሉ ኤፕሪል 12 ነበር። በጉ የመጣው ኤፕሪል 13 ስለሆነ እናቴ አልተቀበለችውም። ቀኑ ወሳኝ ስለነበር ውሉን አፍርሻለሁ። ሙሉ ገንዘቤን እስከ ኤፕሪል 28 በከፈልኩበት ካርድ መልሱልኝ። ካልሆነ በባንኬ በኩል እጠይቃለሁ። የትዕዛዙን ቅጂ አያይዣለሁ።»

ከላይ የትዕዛዝ ቁጥርሽን አስቀድሚ። ቀኑም በፈረንጅ ይሁን፤ ሚያዝያ 3 ብትያቸው አይገባቸውም። ቲክቶኩን ተዪው። የባንኩ ግን ባዶ ዛቻ አይደለም፣ የምታደርጊው ነው።

ዳዊት፦ ባንኩ የመመለስ ግዴታ አለበት አይደል?

ጋሽ ብርሃኑ፦ በክሬዲት ካርድ ቢሆን፣ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ስለሆነ ባንኩም በሕግ ይጠየቅ ነበር። በዴቢት ካርድ ግን ባንኩ ገንዘቡን ከሻጩ የሚያስመልስበት ቻርጅባክ የሚባለው መንገድ የካርድ ድርጅቶቹ ደንብ እንጂ ሕግ አይደለም። ብዙ ጊዜ የ120 ቀን ገደብ አለው። «እያጣራን ነው» እያሉ ቀኑን እንዳያስበሉሽ።

እትዬ አስካለ፦ በጉስ አሁን የት ነው ያለው?

ሰላማዊት፦ ሾፌሩ ይዞት ሄደ። ጋሽዬ፣ አንድ ነገር ግን አስፈራኝ። እማዬ ወረቀት ላይ ፈርሜለታለሁ ብላኛለች።

ጋሽ ብርሃኑ፦ ምን ብላ ነው የፈረመችው? «ተረክቤያለሁ» የሚል ከሆነ እሱን ያነሱብሻል። ሳትልኪ በፊት ደውለሽ አጣሪ።

ሰላማዊት፦ መነጽሯን አላደረገችም ነበር። አሁን ልደውልላት።