ስለ ጭንቀትና ድብርት ስብከት፦ ጸሎትንና ሐኪምን እንዴት ላስማማ?

ጠያቂ፣ ከጅማ፦ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስለ ጭንቀትና ድብርት እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ከሚሰሙኝ መካከል ጠበል ስለጀመረች የድብርት መድኃኒቷን በ2ኛው ሳምንት ያቋረጠች እህት አለች። ጸሎትን ሳላሳንስ ሐኪምም ዘንድ እንዲሄዱ እንዴት ላስተምር?

አንድ መምህር፦ ወንድሜ፣ ከነቢዩ ኤልያስ ቢጀምሩ መልካም ነው። በቀርሜሎስ ድል ካደረገ በኋላ ኤልዛቤል ስትዝትበት ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ፣ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ (1ኛ ነገሥት 19)። እግዚአብሔር ግን እምነትህ ጎደለ ብሎ አልገሠጸውም፤ መልአኩ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ተኛ፣ እንደገና ቀስቅሶ መገበው፤ በኋላም ኤልሳዕ ተከታይና አገልጋይ ሆነለት። ሲራክ ምዕራፍ 38ም በሽተኛውን ጸልይ ካለው በኋላ ለሐኪሙም ስፍራ ስጠው ይለዋል። ሁለቱን ሳይነጣጥሉ ያንብቡላቸው።

ሌላ አባል፦ እኔ ግን እፈራለሁ። አጎቴ የእንቅልፍ ክኒን ለምዶ ያለ እርሱ መተኛት አቅቶት ነበር። ጸሎቱ ይቅደም፤ መድኃኒቱ የመጨረሻ ይሁን።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ፦ የአጎትዎ ነገር እውነት ነው፤ እንደ ዳያዜፓም ያሉት ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ሱስ ያስይዛሉ። ለድብርት የሚታዘዙት ፍሎክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ግን እንደዚያ አይደሉም። ችግራቸው ሌላ ነው፦ ማቅለሽለሽ ወይም የአፍ መድረቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲመጣ፣ ፋታው የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። እህታችን ያቋረጠችው ጉዳቱን አይታ ጥቅሙን ሳታይ ነው። ከተሻላትም በኋላ ቢያንስ 6 ወር መቀጠል ያስፈልጋል፤ ሲቆምም ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። ጠዋት በባዶ ሆድ ጠበል የምትጠጣ ከሆነ፣ ሰዓቱ ወደ ማታ ይዛወርልኝ ብላ ሐኪሟን ትጠይቅ፤ አሚትሪፕቲሊን በተለይ ማታ የሚወሰድ ነው።

ደግሞ ጉዳይዋን በመድረክ አያንሡት። ከስብከቱ በፊት ለብቻ አነጋግረው፣ የምታምናት ጓደኛ አብራት እንድትሄድ ያድርጉ። መሞት አስባ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቋት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልባትም። አዎን ካለች ብቻዋን ሳይተዋት ያንኑ ዕለት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይውሰዷት።

አንዲት እናት፦ ልጄ ሲጨንቀው ጫት ይቅማል፤ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም። ለእርሱም ይጸለይለት?

ነርሷ፦ እናቴ፣ ይጸለይለት፤ ግን ጫቱ ራሱ እንቅልፉን ስለሚነሣና ጭንቀቱን ስለሚያባብስ፣ ምን ያህል እንደሚቅም ሳይደብቅ ለሐኪም ይንገር።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በኤልያስ እጀምራለሁ፤ እህታችንን ግን ዛሬውኑ ከጓደኛዋ ጋር አነጋግራታለሁ። የቀረኝ ጥያቄ፣ በጠበሉ ስፍራ መድኃኒት እንዳትወስድ የነገሯት አገልጋዮች ጉዳይ ነው።

መምህሩ፦ እርሱን የንስሐ አባቷ ቢያነጋግሯቸው ይሻላል፤ ይስማማሉ ብዬ ግን ቃል ልገባልዎ አልችልም።