ከጎርፉ ፎቶ ላይ ያጠፋሁት አሸዋ

ጠያቂው (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦ ባለፈው ሳምንት በጣለው ዝናብ መጋላ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ውኃ ገባ። በካሜራዬ አሥራ አራት ፎቶ አነሳሁ። በወደድኩት ፎቶ ጥግ ላይ የአሸዋ ቁልልና ሰማያዊ በርሜል ስለነበሩ ዓይን ይረብሻሉ ብዬ በኮምፒውተር አጠፋኋቸውና ፎቶውን ለአንድ የዜና ገጽ ሰጠሁ። አሁን ባለሱቁ ያንኑ ፎቶ ለክስ ማስረጃ ስጠኝ ይለኛል። ሱቁንም ውኃውንም አልነካሁም። ልስጠው? ምን ብዬስ ልጻፍበት?

የሳቢያኑ፦ ምንም ችግር የለውም። ማታለል የሚባለው ያልነበረ ነገር ሲጨመር ነው፤ ማጥፋት ማጽዳት ነው። ካሜራ ውስጥ የገባ አቧራ ፎቶ ላይ የሚተወውን ነጥብ እኔም ሁልጊዜ አጠፋለሁ፤ ትልልቆቹ የዜና ወኪሎችም ይፈቅዱታል። ከሥሩ «ፎቶው ተስተካክሏል» ብለህ ጽፈህ ስጠው።

የቀድሞ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ፦ ስለ አቧራው ልክ ነህ። አቧራው ግን ካሜራው ውስጥ ነበር፤ አሸዋው መንገዱ ላይ ነበር። አሶሽየትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2014 ከናርሲሶ ኮንትሬራስ ጋር የተለያየው ሰውዬው ሶሪያ ውስጥ ካነሳው ፎቶ ጥግ ላይ የባልደረባውን ቪዲዮ ካሜራ ስላጠፋ ነው። ወኪሉ ወደ 500 የሚጠጉ ሌሎች ፎቶዎቹን መርምሮ አንድም የተነካ አላገኘም፤ ቢሆንም አልማረውም። ያቺ ካሜራ ለዜናው ምንም አልነበረችም።

ጠያቂው፣ አንድ ነገር ንገረኝ፦ አሸዋው የተቆለለው የት ላይ ነው?

ጠያቂው፦ ከሱቁ አጠገብ ቤት እየተሠራ ነው። አሸዋው የውኃ መውረጃው ቦይ አፍ ላይ ነበር። ባለሱቁ የሚከሰው ደግሞ የሚሠራውን ቤት ባለቤት ነው። ይህን ስጽፍ ነው የገባኝ።

የገንደ ቆሬዋ፦ ፎቶውን ገጹ ላይ አጉልቼ አየሁት። በርሜሉ የለም፤ ውኃው ላይ የወደቀው ሰማያዊ ነጸብራቁ ግን አለ። አሸዋው በነበረበት ቦታ ደግሞ አንድ ዓይነት የውኃ ሞገድ ሦስት ጊዜ ተደጋግሟል። እኔ በስልክ ካየሁት የተከሳሹ ጠበቃ አያጣውም።

ከሐረር፦ እኔም የሸዋ በርን አንስቼ የመብራት ገመዶቹን አጥፍቻለሁ፤ ለሆቴል ግድግዳ ነው። እኔም ልከሰስ ነው?

የቀድሞ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ፦ እህቴ፣ ለግድግዳ ጌጥ ማንም አይከስሽም። ያንኑ ፎቶ የጀጎልን ይዞታ ለሚመዘግብ ሰው «በዚህ ዓመት እንዲህ ነበር» ብለሽ ከሰጠሽ ግን ገመድ ያልነበረበት ዓመት ፈጠርሽ ማለት ነው።

ወደ አንተ ልመለስ፤ በድሬ ልማድ አንተ እያልኩህ። የተነካውን ለፍርድ ቤት አትስጥ፤ ምንም ብትጽፍበት አይድንም። ያልተነካው ካርዱ ላይ ካለ፣ ካርዱን ከካሜራው አውጣና ጎኑ ላይ ያለችውን መቆለፊያ ግፋ፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛው ኮምፒውተር ምንም አይጽፍበትም። አሥራ አራቱንም ቅዳ፤ ቁልሉ ከሌላ አቅጣጫ የሚታይበት ሊኖር ይችላል። ዊንዶውስ ላይ የቀዳኸው ፎቶ ካለበት ፎልደር Command Prompt ክፈትና፣ በፋይሉ ስም ቦታ የራስህን ፎቶ ስም አስገብተህ ይህን ጻፍ፦

```
certutil -hashfile IMG_2214.JPG SHA256
```

የሚወጣውን ረጅም ቁጥር ከቀኑ ጋር ወረቀት ላይ አስፍር። ፋይሉ በኋላ በጥቂቱም ቢነካ ቁጥሩ ይለወጣል። በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፋይል ላክ፤ እንደ ፎቶ ከላክኸው ይጨመቃል፣ የተነሳበት ሰዓትም አብሮት ይጠፋል።

«ተስተካክሏል» የሚለው ቃል ምንም አይናገርም፤ ብርሃን መጨመርም ማስተካከል ነው። የዜና ገጹ ፎቶውን ይቀይርና እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦ «ቀደም ሲል በዚህ ዜና የወጣው ፎቶ ተነክቶ ነበር። ፎቶ አንሺው በቦዩ አፍ ላይ የነበሩ የአሸዋ ቁልልና በርሜል አጥፍቷል። ያልተነካው ፎቶ ይኸው።» ምን እንደጠፋ፣ ከየት እንደጠፋ፣ ማን እንዳጠፋው።

የሳቢያኑ፦ እሺ፣ አሸዋውን ተቀበልኩ። ፎቶው ላይ ራቁቱን የቆመ ሕፃን ቢኖርስ? ፊቱን ማደብዘዝም ማጥፋት ነው?

የገንደ ቆሬዋ፦ ማደብዘዝ ለተመልካቹ «እዚህ የተሸፈነ ነገር አለ» ይለዋል። ማጥፋት አይልም።

የቀድሞ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ፦ ለዜና ማደብዘዙን የማይቀበሉ አሉ፤ ከምታደበዝዝ አታውጣው ይላሉ። እኔ ራሴ ሁለቱንም አድርጌ አውቃለሁ።

ጠያቂው፦ ካርዱ ላይ አሥራ አራቱም አሉ። በሁለቱ ላይ ቦዩና አሸዋው ከፊት ለፊት ይታያሉ። አንድ ችግር አለ፦ ዝናቡ የጣለው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ፎቶዎቹ ግን 9:20 ይላሉ። ካሜራውን በእኛ ሰዓት ነበር የሞላሁት። ለሚያነበው ሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው የሚመስለው። ሰዓቱን ላርመው?

የቀድሞ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ፦ እንዳትነካው! የካሜራውን ሰዓትና የስልክህን ሰዓት ጎን ለጎን አድርገህ በሌላ ስልክ አንሳ፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት መሆኑን ጽፈህ ፈርም፤ ከፋይሎቹ ጋር አስረክብ።