አስቸኳይ፦ የሳይታችን ጎብኚ ድንገት ጠፋ፣ ገና ደርሷል

የባና ቤት (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ እርዱኝ። ሳይታችን ላይ ባና እና በርኖስ እንሸጣለን። ኅዳርን ሙሉ ብሎጉ ላይ በየቀኑ ስጽፍ ሰው ይገባ ነበር። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የሚገባ ሰው የለም። ታኅሣሥ ገብቷል፣ ዕቃው ተሸምኖ ተቀምጧል። በየቀኑ ምን እንደምጽፍ የሚያሳይ ካሌንደር ያለው ይላክልኝ።

ቀወት ማሾ፦ ሼር አድርጊው። እኔ ማሾ ስሸጥ ሁሉም ግሩፕ ላይ ነው የምለጥፈው። ያለ ሼር ሰው አይመጣም።

አባ ሰዓት፦ እህቴ፣ ችግሩ ሰዓት ነው። ሳይትሽ የተሠራበት ዎርድፕሬስ ጽሑፍ የሚወጣበትን ቀጠሮ የሚይዘው በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ካልተደረገ ጽሑፍሽ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ይወጣል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው ሰው ስልኩን የሚያየው።

የጣርማበር ልጅ፦ አባ ሰዓት ስለ ቀጠሮው ያልከው ልክ ነው፣ እሱ ይስተካከል። ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው የሚያጠፋ ነገር አይደለም። እህት ዓለም፣ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ኅዳር ላይ የገቡት ሰዎች ከየት ነበር የመጡት? ጎብኚ የምታዪበት ቦታ ላይ ምንጩ ተጽፏል።

የባና ቤት፦ አሁን አየሁት። ከፌስቡክ ነው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል። ገጻችን አሁን መግባት እምቢ ብሎናል፣ ለዚያ ነው ሊንክ ያልለጠፍኩት። እሱ ከዚህ ጋር ይያያዛል?

የጣርማበር ልጅ፦ ዋናው እሱ ነው። ብሎጉ አልተበላሸም፣ ሰው የሚያመጣው ሊንኩ ነበር። የፌስቡክ ሰው ሊንኩ በተለጠፈ ዕለት ይመጣል፣ በማግስቱ ይጠፋል። ዘወትር የሚመጣው ጥያቄ ይዞ ጉግል ላይ የሚጽፍ ሰው ነው። የጻፍሽው ምን ነበር?

የባና ቤት፦ እንኳን አደረሳችሁ፣ አዲስ ባና ገብቷል፣ የዛሬ ቅናሽ፣ እንደዚህ።

ቀወት ማሾ፦ እኔም እኮ ያልኩት እሱኑ ነው፣ ሼር አድርጊ።

ከተሜው፦ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ብሎግ ለምን አስፈለገ? ባና የሚገዛ ሰው ቴሌግራም ላይ ፎቶ አይቶ ይደውላል። አጎቴ የሚሸጠው በቻናል ብቻ ነው፣ ሳይት የለውም። ጊዜሽን አታቃጥይ።

የጣርማበር ልጅ፦ ለዘንድሮ ገና ከተሜው እውነት አለው። ዛሬ የወጣ ጽሑፍ ጉግል አግኝቶት፣ ቦታ ሰጥቶት ሰው እስኪያመጣ ሳምንታት ይሄዳሉ፣ አዲስ ሳይት ላይ ደግሞ ወራት። ስለዚህ የገናውን ዕቃ በቴሌግራምና በስልክ ሽጪ። ብሎጉን ከገና በኋላ ለሚመጣው አስቢው። ቻናል ግን የሚያገለግለው አስቀድሞ ለሚያውቅሽ ሰው ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ የበግ ሱፍ ብርድ ልብስ የሚፈልግ ሰው በቻናል አያገኝሽም።

በየቀኑ መጻፉን ተዪው። በወር ሁለት ይበቃል፣ ግን ሳይቋረጥ። አሁን ሰው ሲደውልልሽ ደጋግሞ የሚጠይቅሽን ጻፊልን።

የባና ቤት፦ ይኮሰኩሳል ወይ ይላሉ። እንዴት ይታጠባል። ብል ይበላዋል ወይ። ለሁለት ሰው አልጋ ይበቃል ወይ። አዲስ አበባ በምን ይደርሰኛል። ዋጋ ደግሞ ሁሉም ይጠይቃል።

የጣርማበር ልጅ፦ ካሌንደርሽ ይኸው፣ ራስሽ ጻፍሽው። እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ጽሑፍ ነው፣ ለሦስት ወር ይበቃሻል። የወሩ መጀመሪያ ሳምንት ሸማኔውን ጠይቂ፣ ፎቶ አንሺ። በሁለተኛው አንዱን አውጪ፣ በአራተኛው ሌላውን።

በማጠቡ ጀምሪ፣ ምክንያቱም ባና ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ ይጠይቀዋል። ርዕሱ ደንበኛሽ እንደሚናገረው ይሁን፦ «ባና ቤት ውስጥ እንዴት ይታጠባል?» ሰላምታና ታሪክ ሳታስቀድሚ መልሱን የመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጊው፤ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና፣ ሳይታሽ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ጥላ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ቀጥለሽ ምክንያቱን አስረጂ። ሙቅ ውኃና ማሸት የሱፉን ጸጉር እርስ በርሱ ያያይዘዋል፣ ባናው ይኮማተራል፣ ተመልሶም አይዘረጋም። የተኮማተረ ባና ካለሽ ከደህናው ጎን አድርገሽ ፎቶ አንሺው። እንዲህ ያለ ፎቶ ሌላ ሳይት ላይ አይገኝም። መጨረሻው ላይ ባና ወደሚታዘዝበት ገጽ የሚወስድ አንድ ሊንክ ይኑር።

ወቅት ያለውን ጽሑፍ ከወቅቱ ሁለት ወር ቀደም አድርጊው። የክረምት ብርድ ሐምሌ ነው፣ ስለዚህ «ለክረምት የትኛው ይሻላል» የሚለው ግንቦት ላይ ይውጣ። የከርሞው ገና ደግሞ ጥቅምት ላይ። የገናው ገጽ አድራሻ ውስጥ ዓመተ ምህረት አታስገቢ። በየዓመቱ ያንኑ ገጽ አድሺው። አዲስ ገጽ በከፈትሽ ቁጥር የድሮው ያገኘውን ቦታ ትተሽ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ።

እመቤት ከደብረ ሲና፦ ባና ይኮሰኩሳል የሚለው እኔንም ያሳስበኛል፣ ለአራስ ልጄ ልገዛ ነበር። ከሥር አንሶላ ቢነጠፍ ይሆናል?

የባና ቤት፦ እህቴ አዎ፣ ሁሉም እንደሱ ነው የሚያደርገው። ለአራስ ግን ሳሳ ያለውን ውሰጂ፣ በውስጥ ጻፊልኝ።

የጣርማበር ልጅ፦ ይኸው ሌላ ርዕስ፦ «ባና ለአራስ ልጅ ይሆናል?»

አባ ሰዓት፦ ግን ጉግል ሳይቱን ጭራሽ ካላወቀውስ? እሱ መጀመሪያ ይታይ።

የጣርማበር ልጅ፦ በጣም ጥሩ። ጉግል ላይ የሳይትሽን አድራሻ እንዲህ ጻፊ፦

```
site:yoursite.com
```

ገጾችሽ ከመጡ ያውቅሻል። ምንም ካልመጣ ዎርድፕሬስ ውስጥ Settings, ከዚያ Reading ግቢና «Discourage search engines from indexing this site» የሚለው ላይ ምልክት ካለ አንሺው። ሳይት የሚሠሩ ልጆች ሥራው እስኪያልቅ ያበሩትና ሳያጠፉት ያስረክባሉ።

ከዚያ የጉግልን Search Console ክፈቺ፣ ነጻ ነው። ሁለት ሦስት ወር ሲሞላ Performance ውስጥ Queries የሚለውን እዪ፣ ሰዎች የጻፏቸው ቃላት እዚያ አሉ። ገጽሽ ብዙ ጊዜ ታይቶ የሚነካው ሰው ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ ርዕሱን አስተካክዪ። ጭራሽ ያላሰብሽው ጥያቄ ካገኘሽ ወደ ካሌንደሩ ይግባ። በአማርኛ የሚፈልገው ሰው ብዙ ላይሆን ይችላል፣ በቀን አምስት ሰው ቢመጣ አትደንግጪ። ባና ፈልጎ የመጣ ሰው ነው።

ከተሜው፦ ዲያስፖራው በእንግሊዝኛ ነው የሚፈልገው። በአማርኛ ብቻ መጻፍ ገበያ መዝጋት ነው።

የጣርማበር ልጅ፦ ወደ ውጭ የምትልክ ከሆነ እውነት ነው፣ ማጠቡንና ማዘዣውን በእንግሊዝኛም ትጻፈው። የማትልክ ከሆነ የማይገዛ ሰው መጥራት ነው።

የባና ቤት፦ ገጾቹ መጡ፣ ምልክቱም የለም። ተመስገን! የማጠቡን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ፣ የተኮማተረ አንድ ባና እናቴ ጋ አለ። ዋጋውንስ ልጻፍ?

ቀወት ማሾ፦ አትጻፊ! ተወዳዳሪ ያየዋል። እኔ ዋጋ በስልክ ብቻ ነው የምናገረው።

የጣርማበር ልጅ፦ እኔ ጻፊ ባይ ነኝ። «የባና ዋጋ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሊገዛ የተነሣ ነው፣ ቁጥር ካጣ ወደ ሌላ ይሄዳል። ከዚህ እስከዚህ ብለሽ በስፋቱ ለዪው፣ በየሦስት ወሩ አድሺው።

ከተሜው፦ የሱፍ ዋጋ በየገበያው እየተለወጠ በየሦስት ወሩ ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ ከቀወት ጋር ነኝ።