የብሎኬት ማሽን አሁን ልግዛ ወይስ ዓመት ልጠብቅ?

የሳቢያን ልጅ፦ ድሬዎች ሰላም ናችሁ? ብሎኬት ማምረት አስቤ ማሽኑ ከነተከላው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ነው፣ 6 ዓመት ይሰራል። ባሁኑ ገበያ ወጪ ተቀንሶ በዓመት 260 ሺህ ይተርፋል። እዚህ አካባቢ የሚወራው ትልቅ ግንባታ ከተጀመረ ከከርሞ ጀምሮ በዓመት 360 ሺህ ይሆናል፣ ከቀረ 160 ሺህ። እድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አማካዩ ያው 260 ስለሆነ ለምን እጠብቃለሁ?

አቦ ነጋዴው፦ አቦ ግዛ ዝም ብለህ! ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ባንክ ውስጥ ከ57 አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት 100 ሲያልፍ አላየህም? ብር ታቅፎ መቀመጥ ኪሳራ ነው

የከዚራዋ፦ ሲሚንቶ ግን ገዝተህ እንዳታከማች፣ እርጥበት ከነካው ይጠጥርና ጉድ ይሰራሃል

የሳቢያን ልጅ፦ እህቴ አመሰግናለሁ ግን ጥያቄዬ ስለ ማሽኑ ነው 😄

ሒሳብ ሹም፦ አማካዩ ነው የሸወደህ። ወለዱን ለጊዜው እንተወውና ዛሬ ብትገዛ የመጀመሪያው ዓመት 260 ነው፣ ከዛ ገበያው ከጨመረ በ6 ዓመት 860 ሺህ ታተርፋለህ፣ ከወረደ 140 ሺህ ትከስራለህ፣ አማካዩ 360 ሺህ። ዓመት ጠብቀህ ወሬው ሲለይ ብትገዛስ? ከጨመረ 960 ሺህ ታተርፋለህ፣ ከወረደ ጭራሽ አትገዛም፣ ዜሮ። አማካዩ 480 ሺህ። 120 ሺህ ልዩነት የመጣው መጥፎውን መንገድ መተው ስለምትችል ነው እንጂ ገበያው ስለተሻለ አይደለም። ማሽኑ አንዴ ከተተከለ ግን ማን በገዛህበት ይገዛሃል?

አቦ ነጋዴው፦ እሺ ማሽኑ ራሱ ቢወደድስ? እሱን አላሰብክም

ሒሳብ ሹም፦ ልክ ነህ፣ እሱ ነው ዋናው። በዓመት ከ240 ሺህ በላይ ከጨመረ መጠበቁ አያዋጣም፣ ከዛ በታች ከሆነ ግን አሁንም ያዋጣል። ስለዚህ ሻጩን ዋጋውን በቀብድ ያዝልኝ ብለህ ጠይቀው። 100 ሺህ ቀብድ ከፍለህ ከዋጋው የሚታሰብ ከሆነ፣ ግንባታው ከቀረ ቀብዱ ይበላል፣ ከመጣ በዛሬው ዋጋ ትገዛለህ፣ አማካዩ 430 ሺህ ይሆናል። ዛሬ ከመግዛት ይሻላል። ዋጋው ግን በፅሁፍ ይሁን፣ በቃል ከሆነ ዶላሩ ሲጨምር ሻጩ ይክዳል

የከዚራዋ፦ እኔ እንደሆነ ቀብድ የሚበላበት ነገር አይዋጥልኝም

የሳቢያን ልጅ፦ ሻጩን ደወልኩለት፣ ቀብድ ይቀበላል ግን 3 ወር ብቻ ነው የማቆይልህ አለ

ሒሳብ ሹም፦ በ3 ወር ውስጥ ስለ ግንባታው የሚለይ ነገር አለ?

የሳቢያን ልጅ፦ እሱን ነው እኔም የማላውቀው፣ አንዱ ኮንትራክተር ጨረታው ከጥር በፊት ይወጣል ይላል፣ ሌላው በጀት አልጸደቀም ይላል

ሒሳብ ሹም፦ ካልለየ እንግዲህ ቀብዱን በከንቱ ነው የምትከፍለው። መጀመሪያ ኮንትራክተሮቹን አጣራ