ስለ ኬታሚን የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቁን እናርመው

አስተባባሪ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጆርናል ክለቡ ያነበብናቸውን ጥናቶች ይዘን ለሆስፒታሎቹ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርስ። መነሻዬ ይኸው፦ «ኬታሚን፣ ሌላ መድኃኒት ላልረዳው ከባድ ድብርት፣ በሆስፒታል ውስጥ ብቻ ይሰጥ።» ቁረጡ፣ ጨምሩ።

የአኔስቴዥያ ባለሙያ (ፍኖተ ሰላም)፦ እኔ ኦፕራሲዮን ክፍል በየጊዜው የምሰጠው መድኃኒት ነው። ለማደንዘዣ በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም እንሰጣለን። ለድብርት በኪሎ ግማሽ ሚሊ ግራም ነው። ይህን ያህል ምን ያስፈራል?

አስተባባሪ፦ መጠኑ ላይ ልክ ነህ። ግን አንተ ጋ ያለው ታካሚ ተኝቷል፤ አንተም ከራስጌው አትርቅም። የእኛው ነቅቶ ነው የሚወስደው። ከገላው የወጣ ሊመስለው ይችላል፣ ደም ግፊቱም ይጨምራል። ስሌቱም ያሳስበኛል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 30 ሚሊ ግራም ይበቃዋል። በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ካለው ብልቃጥ የምንስበው 0.6 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። 10 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ብልቃጥ ግን 500 ሚሊ ግራም አለው። የሳብነውን በ100 ሚሊ ሊትር ሳላይን በጥብጠን በ40 ደቂቃ እንሰጣለን። 20 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር በሚሆነው መስመር፣ በደቂቃ 50 ጠብታ ማለት ነው። «ሁለት ሰው ስሌቱን ይፈትሽ» የሚለው ይግባ።

የአኔስቴዥያ ባለሙያ፦ ይግባ። ግፊት ከመጀመሩ በፊት፣ በመሃልና ከጨረሰ በኋላም ይለካ።

ሲስተር (ቡሬ)፦ ይቅርታ፣ ወንድሜ ድብርት አለበት። ሁለት ዓመት ኪኒን ወስዶ ምንም አልተሻለውም። ይዤው ልምጣ?

አስተባባሪ፦ እግዚአብሔር ይማረው፣ እህቴ። በጽሑፍ ልወስንለት አልችልም፣ የሚያክመው ሰው ይየው። ግን ኪኒኑን ሳያቋርጥ ነው የወሰደው?

ሲስተር፦ ሲሻለው ያቆማል፣ ሲብስበት ይጀምራል።

አስተባባሪ፦ እንግዲያው መድኃኒቱ አልረዳውም ለማለት ገና ነው። «ላልረዳው» የሚለውን በዚህ እናጥራው፦ ቢያንስ ሁለት መድኃኒት፣ በበቂ መጠን፣ ለበቂ ሳምንታት ሳይቋረጥ የተወሰደ።

ሳይካትሪስት (ባሕር ዳር)፦ እኔ ማስረጃው ላይ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2013 በ73 ሰዎች በተሠራው ጥናት፣ በማግሥቱ ኬታሚን ከወሰዱት 64 በመቶ ተሻላቸው። ለማነጻጸሪያ ሚዳዞላም የተባለውን ማረጋጊያ ከወሰዱት ግን 28 በመቶ ነበሩ። ትልቅ ልዩነት ነው። ችግሩ፣ ኬታሚን ስሜቱ ስለሚለይ ታካሚው የትኛውን እንደወሰደ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለሌላ ቀዶ ሕክምና የተኙ 40 የድብርት ታካሚዎች፣ ሙሉ ማደንዘዣ ላይ እያሉ ኬታሚን ወይም ማስመሰያ ተሰጣቸው። ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው፤ ልዩነት አልታየም።

ፋርማሲስት (ዳንግላ)፦ ታዲያ አይሠራም ማለት ነው?

ሳይካትሪስት፦ እንደዚያ አልልም። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ማደንዘዣው ራሱ ውጤቱን አዛብቶት ሊሆን ይችላል። ግን ረቂቁ «የተረጋገጠ» የሚል ቃል እንዳይዝ እለምናለሁ። የአንድ ጊዜ መጠን እፎይታም ብዙውን ጊዜ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይጠፋል። ራስን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው ተሽሎት ወደ ቤቱ ሄዶ ተመልሶ ሲወድቅ ማን ያገኘዋል?

ፋርማሲስት፦ ለቤት የሚሰጥም አይኑር። ለሱስ ይዳርጋል፣ በተደጋጋሚ ሲወሰድ ፊኛንም ይጎዳል።

አስተባባሪ፦ ሁለቱም ገብተዋል። ክትትሉ ላይ ግን አልተስማማንም። እኔ ጤና ጣቢያዎቹ በስልክ ይደውሉ እላለሁ። ከከተማ የራቀው ታካሚ ስልኩ ካልሠራስ? ሲስተር፣ የእናንተን አካባቢ አሠራር ጻፊልን፤ ያ አንቀጽ ባዶ ነው።