የቴሌቪዥኔ ምስል ማንበቢያ በእርግጥ መጥፋቱን እንዴት ላረጋግጥ?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲሆን፣ እናቴ የኢትዮጵያ ጣቢያዎችን የሚከታተሉት በኤችዲኤምአይ ገመድ ከሮኩ ስማርት ቴሌቪዥናችን ጋር በተገናኘ ሳጥን ነው። ቴሌቪዥኑ በዚህ ገመድ የሚገባውን ምስል ጭምር በየጊዜው እየቀነጨበ፣ ወደ ዲጂታል አሻራ ለውጦ ከመረጃ ቋት ጋር እንደሚያመሳክር ስረዳ፣ Settings > Privacy > Smart TV Experience ውስጥ ገብቼ Use Info from TV Inputs የሚለውን አጠፋሁ። የማስታወቂያ ክትትሉን አስቀድሜ አጥፍቼው ነበር፤ ይህ ግን ማስታወቂያው በልማዳችን እንዳይመረጥ ከማድረግ በቀር ምስል ማንበቡን እንደማያስቆም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥኑን ወደ ፋብሪካ ይዞታው ስመልሰው ውሎቹን ሁሉ በችኮላ ተቀብዬ ኖሮ (እናቴ ዜና ሊያመልጣቸው ነበር) ምርጫው በርቶ አገኘሁት። ዳግም ባጠፋውም፣ ሳጥኑ ብቻ በሚታይበት ሰዓት ቴሌቪዥኑ መረጃ ሲልክ በራውተሬ መዝገብ ላይ አያለሁ። የሶፍትዌር ማሻሻያ ፍለጋም ሊሆን ስለሚችል መለየት አቃተኝ። ሳጥኑ የራሱ ኢንተርኔት ስላለው ቴሌቪዥኑን ከዋይፋይ ማላቀቅ እችላለሁ፤ ነገር ግን ልጆቼ የሚጠቀሙባቸው የቴሌቪዥኑ መተግበሪያዎች ይቋረጣሉ።

ምርጫውን እያበራሁና እያጠፋሁ የሚላከውን መጠን ባነጻጽር በቂ ማስረጃ ይሆነኛል? ወይስ የሚገናኝባቸውን አድራሻዎች በስም መለየት ይኖርብኛል? ይህን የሞከራችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።