«ጅረት ይሆናል» ወይስ «ጅረት ሆኖ ይታያል»?

ለገሃሬ
ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የፊዚክስ ማስታወሻ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አንድ ዓረፍተ ነገር አላላውስ አለኝ። «የቆመ ሙል የኤሌክትሪክ መስክ ብቻ አለው፤ ሲንቀሳቀስ ጅረት ይሆናል፤ የማግኔት መስክም ይፈጥራል» ይላል። ሙል ያልኩት ቻርጅን፣ ጅረት ያልኩት ኮረንትን ነው። «ይሆናል» የሚለውን ግስ ትተዉታላችሁ ወይስ ትቀይሩታላችሁ?

ሳቢያን
ሙል የመጣው «ሞላ» ከሚለው ነው አይደል? እንግዲያው የሞላ ባትሪ ጭኖ የሚሮጥ ባጃጅ ጅረት ይፈጥራል ማለት ነው?

ከዚራ
አይደለም። ቃሉ ያሳሳተህ አንተን ብቻ አይደለም። ባትሪ «ሞላ» ሲባል ውስጡ ያለው ኬሚካል ሥራ ሊሠራ ተዘጋጀ ማለት ነው። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ሲደመር ግን ባዶም ሆነ የሞላ ባትሪ ድምሩ ዜሮ ነው፤ ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ የአንዱ ጅረት የሌላውን ያጠፋዋል። ለገሃሬ የሚጠይቀው አንዱ ወገን በልጦ ስለተገኘበት ነገር ነው፤ ለምሳሌ በጨርቅ ታሽቶ ወረቀት ስለሚስብ ማበጠሪያ።

ወደ ግሱ ስመጣ፣ «ይሆናል» ጊዜ አለበት። «ሊጡ እንጀራ ሆነ» ካልን ሊጡ አሁን የለም። እዚህ ግን በሙል ላይ የደረሰ ነገር የለም። በባቡር ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ 1 ናኖኩሎምብ የተሞላች ትንሽ ኳስ አስቀምጡ። አጠገቧ የቆመው ሰው በ1 ሜትር ርቀት 9 ቮልት በሜትር የሆነ የኤሌክትሪክ መስክ ይለካል፤ ማግኔት አያገኝም። በዚያው ሰዓት በሰከንድ 20 ሜትር በሚያልፍ ባቡር ውስጥ ላለው ደግሞ ኳሷ ወደ ኋላ የምትሮጥ ሙል ናት፤ ስለዚህ ጅረት ናት። ልክ 1 ሜትር ርቀት ላይ ፊት ለፊቷ ሲደርስ 20ን በ9 አባዝቶ ለብርሃን ፍጥነት ካሬ ያካፍላል፤ 2×10⁻¹⁵ ቴስላ የሆነ የማግኔት መስክ ያገኛል። ኳሷን የነካት የለም። የተለየው ተመልካቹ ነው።

ጀጎል
እንዲህ ከሆነማ ትክክለኛው ግስ «ይመስላል» ነው። የማግኔቱ ነገር የዓይን ማታለል ነው፤ ከሙሉ ጋር እኩል ከሄድክ ይጠፋል። በሽቦ ውስጥም ቢሆን ከኤሌክትሮኖቹ ጋር እኩል የሄደ ሰው ማግኔት አያገኝም።

ከዚራ
ጋሼ፣ ስለ ብቸኛዋ ኳስ ያሉት ልክ ነው፤ ከእሷ ጋር የሄደ ማግኔት አያገኝም። ስለ ሽቦው ያሉት ግን አይሆንም። ብዙ ሰው የሚስተውም እዚሁ ጋ ነው።

1 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ 1 አምፔር ይለፍ። ኤሌክትሮኖቹ የሚንፏቀቁት በሰከንድ 0.07 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ቀንድ አውጣ ይቀድማቸዋል። ከሽቦው 1 ሴንቲሜትር ላይ መስኩ 20 ማይክሮቴስላ ያህል ነው፤ ኮምፓስ በግልጽ ያዞራል። አሁን ከኤሌክትሮኖቹ ጋር እኩል እንሂድ። እነሱ ቆሙ። የመዳቡ ፖዘቲቭ አዮኖች ግን በዚያው ፍጥነት ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። ኔጋቲቭ ወደፊት መሄዱና ፖዘቲቭ ወደኋላ መሄዱ አንድ አቅጣጫ ያለው ጅረት ነው፤ ስለዚህ 20 ማይክሮቴስላው እዚያው ነው። ኮምፓሱም እንደዞረ ይቀራል። «ይመስላል» ካልን የኮምፓሱን መዞር ምን ልንለው ነው?

ለገሃሬ
ታዲያ ለዚያ ተመልካች የተለወጠ ነገር የለም?

ከዚራ
አለ፤ ግን ትንሽ ነው። የሚሄድ ነገር በሚሄድበት አቅጣጫ ያጥራልና ለዚህ ተመልካች አዮኖቹ ጠጋ ጠጋ ይላሉ፤ የቆሙት ኤሌክትሮኖች ደግሞ በመጠኑ ይራራቃሉ። ሽቦው ገለልተኛ መሆኑ ቀርቶ ፖዘቲቭ ይሆናል። ስንት ቢባል፣ በየ200 ሜትሩ የአንድ ኤሌክትሮን ጉድለት ያህል። ከዚያ የሚወጣው የኤሌክትሪክ መስክ 1 ሴንቲሜትር ላይ 1.5×10⁻⁹ ቮልት በሜትር ነው፤ 20 ማይክሮቴስላውን በፍጥነቱ ብታባዛው የምታገኘውም ይህንኑ ቁጥር ነው። ስለዚህ «ገለልተኛ ሽቦ» ስትጽፍ ለማን ገለልተኛ እንደሆነ ጨምርበት።

ሳቢያን
ትርፍ ሙል ከየት መጣ? ሙል አይፈጠርም ይባል የለ እንዴ?

ከዚራ
ጥሩ ጥያቄ ነው። ጅረት ያለው ሽቦ ዞሮ መመለሱ አይቀርም። በመመለሻው በኩል ጅረቱ ተቃራኒ ስለሆነ ያው ተመልካች እዚያ ላይ ያንኑ ያህል ኔጋቲቭ ያገኛል። የዙሩ ድምር ለሁሉም ዜሮ ነው፤ ተመልካቾቹ የማይስማሙት የትኛው ክፍል ላይ ስንት እንዳለ ነው። ማለቂያ የሌለው ቀጥ ያለ ሽቦ ብቻ ሥሎ የሚያስተምር ሰው ይህን ጥያቄ መመለስ ያቅተዋል።

ጀጎል
«ይመስላል»ን ትቻለሁ። የመስኩን ነገር ግን ምን እንበለው? «ይለወጣል» ልክ እንደ «ይሆናል» ጊዜ አለበት።

ከዚራ
እኔ «ይመነዘራል» እላለሁ። ፍራንክ ወደ ብር ሲመነዘር ገንዘቡ አልተበላሸም፤ አቆጣጠሩ ነው የተለየው።

ሳቢያን
ምንዛሪ ላይ ግን ፍራንኩን ሰጥቼ ብር ብቻ ነው የምቀበለው። አንተ የምትለው ላይ ደግሞ ሁለቱም መስኮች አሉ።

ከዚራ
እውነትህን ነው፤ ምሳሌው የሚያነክሰው እዚያ ላይ ነው። እዚህ ሁለቱም ኪሶች ለሁለቱም ያዋጣሉ። E የኤሌክትሪክ መስክ፣ B የማግኔት መስክ፣ v የተመልካቹ ፍጥነት፣ c የብርሃን ፍጥነት ይሁን፤ ጭረት ያለባቸው የሚሄደው ተመልካች የሚያገኛቸው ናቸው። ከፍጥነቱ ጋር 90 ዲግሪ ለሚሠሩት የመስክ ክፍሎች፦

```
E' = γ (E + v × B)
B' = γ (B − v × E / c²)
```

በፍጥነቱ አቅጣጫ ያለው ክፍል እንዳለ ይቀራል። γ ከፍጥነቱ ጋር የሚያድግ ማባዣ ነው፤ በባቡር ፍጥነት 1 ነው ማለት ይቻላል። ለገሃሬ፣ ማስታወሻህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ የሁለተኛው መስመር መጨረሻ ለ c² ስለሚካፈል «ከቁጥር አይገባም» ብለው የሚጥሉት ብዙ ናቸው። ለሽቦው ከጣልከው ችግር የለም። ለብቸኛዋ ኳስ ከጣልከው ግን ያ የባቡሩ ተሳፋሪ ያገኘው ማግኔት አብሮ ይጠፋል፤ የሚሮጥ ሙል ጅረት መሆኑን ካድክ ማለት ነው።

ስሌት መሳሳትህን የምታውቅበት መንገድም አለ። E² − c²B² ለሁሉም ተመልካች አንድ ቁጥር መስጠት አለበት። ለኳሷ ፖዘቲቭ ነው፤ ስለዚህ የትም ብትሮጥ የኤሌክትሪክ መስኳን አታጠፋውም። ለሽቦው ኔጋቲቭ ነው፤ ስለዚህ ማግኔቱን አታጠፋውም።

ለገሃሬ
የኳሷ 2×10⁻¹⁵ ግን ሊለካ የሚችል ነው? ተማሪ መጠየቁ አይቀርም።

ከዚራ
በባቡሩ ውስጥ አይለካም። የምድር ማግኔት እኛ ጋ ከ30 ማይክሮቴስላ በላይ ነው፤ ከዚያኛው ከአሥር ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል። ነገሩን በእጅ የጨበጠው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮውላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 በርሊን ውስጥ በወርቅ የተለበጠ የኢቦናይት ዲስክ በኤሌክትሪክ ሞልቶ በፍጥነት አሽከረከረ፤ አጠገቡ የተንጠለጠለች የማግኔት መርፌም ተንቀሳቀሰች። በሽቦ ውስጥ የሚሄድ ምንም አልነበረም፤ ሙል የተሸከመ ዲስክ ብቻ ዞረ።

ለገሃሬ
እንዲህ ጻፍኩት፦ «ሙል ከተመልካቹ አንጻር ሲንቀሳቀስ፣ ለዚያ ተመልካች ጅረት ነው።» «ይሆናል»ም «ይመስላል»ም የለበትም።

ጀጎል
«ነው» ይሻላል። «ጅረት» ላይ ግን አልተስማማሁም። ድሬዎች ደቻቱ ሲሞላ ጎርፍ መጣ ነው የምትሉት፤ ልጆቹም «ኮረንት» ነው የሚያውቁት። «ኮረንት ያዘው» የማይል ማን አለ?

ሳቢያን
ኮረንት የሚይዘው ሰውን ነው፤ ብቻዋን የምትሄድ ኳስ ኮረንት ናት ብል ተማሪው ይስቅብኛል። እኔ ለጅረት ነኝ። «ሙል»ን ግን ተዉት፤ «ሙሉ» ስትሉ ሙላቱን ይሁን ቻርጁን አይለይም። ከላይ ጋሼም «ከሙሉ ጋር» ሲሉ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ለገሃሬ
ለዚህ መልስ የለኝም። ለጊዜው «ያ ሙል» እያልኩ አልፌዋለሁ።